ያልሠራሁባቸው አሥር ቀናት

ኅዳር 3

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ከሩቅም ቢሆን ሞቅ ብሎ ይድረስሽ። ወገብሽ እንዴት ሆነ? እጅሽን የላጠው የልብስ ማጠቢያው ሳሙናስ ተቀየረላችሁ? ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥልኝ። እኔና እማዬ ደህና ነን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። አምስት ሴት በሚያድርበት ክፍል ስልክ አላወራም ብለሽ ስለማልሽ ይኸው እንደ ጥንት ሰው ወረቀት ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

አክስትዬ፣ የመጀመሪያ ደሞዜን ተቀበልኩ። ፋብሪካው አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራ ነው ብዬሽ ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ከመጋዙ ቤት ጎን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል፣ ማታ ቤት ገብቼም ጆሮዬ ውስጥ መጋዙ ይሠራል። የኔ ሥራ የአቅራቢዎችን ደረሰኝ ከማዘዣው ጋር ማመሳከር ነው። ሙጫ፣ ማጠፊያ፣ ቫርኒሽ፣ ሚስማር። ገንዘብ ያዧ የልጅነት ጓደኛሽ ናቸው እንዳልሽኝ በመጀመሪያው ቀን ሄጄ ሰላም አልኳቸው። አገላብጠው ሳሙኝ፣ "የእሷ ልጅ የኔም ልጅ ናት" አሉኝ። ደስ አለኝ።

ባንክ ሒሳብ ገና ስላልከፈትኩ የመጀመሪያውን ደሞዝ በእጄ ነው የሰጡኝ። እሳቸው አንድ ካርቶን አላቸው። የደሞዝ መክፈያው ሰነድ ላይ ያስቀምጡትና በመሃሉ በተቀደደች ጠባብ መስኮት ስምሽና የፊርማሽ ቦታ ብቻ ይታያል። የሰው ደሞዝ ሰው እንዳያይ ነው አሉኝ። ብልሃታቸው ገረመኝና ፈረምኩ፣ ብሩንም፣ የሚቆረጠውን የሚዘረዝረውን ስሊፕም ተቀብዬ ወጣሁ።

ስሊፑን ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ነው፣ አንብቤም አንድ ፌርማታ አለፈኝ። ሒሳቡ አልገጠመም። ሥራሽን አሳይኝ ትይ እንደነበረው ይኸው ላሳይሽ። ደሞዜ በወር ዘጠኝ ሺህ ነው። ሥራ የጀመርኩት ጥቅምት አሥራ አንድ ስለሆነ የሠራሁት ሃያ ቀን ነው። ዘጠኝ ሺህ ለሠላሳ ሲካፈል የቀኑ ሦስት መቶ፣ በሃያ ሲባዛ ስድስት ሺህ። ስሊፑም ከላይ "ጠቅላላ ደሞዝ 6,000" ይላል። እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ ግን "የገቢ ግብር 1,400፣ የጡረታ መዋጮ 630፣ የተጣራ ተከፋይ 3,970" ይላል።

ጡረታ ከመቶ ሰባት ነው። ከስድስት ሺህ ላይ አራት መቶ ሃያ እንጂ ስድስት መቶ ሠላሳ አይወጣም፤ ስድስት መቶ ሠላሳ የሙሉው ዘጠኝ ሺህ ነው። ግብሩም እንደዚያው። የመጀመሪያው ሁለት ሺህ አይነካም። ቀጥሎ ያለው ሁለት ሺህ አሥራ አምስት በመቶ ይከፈልበታል፣ ሦስት መቶ። ከአራት ሺህ በላይ ያለው ሃያ በመቶ ነው፣ የኔ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ሺህ ብቻ ስለሆነ አራት መቶ። ድምሩ ሰባት መቶ ነው። አንድ ሺህ አራት መቶ የቆረጡት እንደ ዘጠኝ ሺህ ብር ደሞዝተኛ ቆጥረውኝ ነው። የሃያ ቀን ከፍለውኝ የወር ቆረጡብኝ ማለት ነው። ከግብሩ ሰባት መቶ፣ ከጡረታው ሁለት መቶ አሥር፣ ባጠቃላይ ዘጠኝ መቶ አሥር ብር ጎድሎብኛል።

ምናልባት ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ስሌት ከሙሉው ደሞዝ ጋር ታስሮ ቀርቶ ይሆናል፣ የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን የሒሳብ ሠራተኛ የራሷን ደሞዝ ሳታስተካክል ብትቀር ያስቃል። ሰኞ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። እማዬ "ገና የሙከራ ጊዜሽን ሳትጨርሺ አፍሽን አትክፈቺ" እያለች ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?

በመጀመሪያ ደሞዜ ለእማዬ ጫማ ገዛሁላት። ለአንቺ ምን ልግዛ?

የምትወድሽ ልጅሽ


ኅዳር 20

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለሚጡ፣

ጤናሽን፣ ሞገስሽን ፈጣሪ ያብዛልሽ። እናትሽን ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ሰው ነው፣ አንዳንድ ቀን ይታዘዛል፣ አንዳንድ ቀን ያኮርፋል። ሳሙናውን አልቀየሩትም፣ ጓንት ሰጡን። ጓንቱም ተቀዳዷል።

ፖስታሽ ሲደርሰኝ ጠርዙ ተላጦ እንደገና የተለጠፈ መሰለኝ። ከዚህ በኋላ በደንብ ለጥፊው፣ ከላዩም ፕላስተር ጨምሪበት። እዚህ ያሉትን ሴቶች አላምናቸውም። ባለፈው ሳምንት ስድስት ፎጣ ጎደለ ተብሎ ሁላችንም ተፈተሽን። እኔ ማን እንደወሰደ አውቃለሁ፣ ግን የሰው አገር ነው፣ አፌን ዘጋሁ።

የኔ ልጅ፣ ሥራ ቤት ማለት እንደዚህ ነው። ማንንም አትመኚ። የሚስቅልሽን አትመኚ፣ የሚያኮርፍሽንም አትመኚ። ያ ዝምተኛ ነው ያልሽኝ የፋይናንስ ኃላፊ ሲያነጋግርሽ አጭር መልስ ስጪው፣ ዝም የሚል ሰው ያስፈራኛል። ጎንሽ የሚቀመጠው ልጅ ስትደምሪ እንዳያይሽ። ቦርሳሽን ወንበር ላይ ትተሽ አትነሺ። አንድ ሰው ብቻ እመኚ፣ እሷም ጓደኛዬ ናት። አንድ ቀሚስ በተራ እየለበስን ትምህርት ቤት የሄድን ነን። ክፉሽን አታይም።

ስለ ደሞዙ ደግሞ ልብሽን አታድርቂ። የመጀመሪያ ወር ሁሌም ግራ ያጋባል። ለሦስት ሺህ ብር ብለሽ ከእሷ ጋር ዓይንና ናጫ እንዳትሆኚ፣ የሙከራ ጊዜሽም አላለቀም። ስንት ዓመት ተምረሽ፣ ስንት በር አንኳኩተሽ ያገኘሽው ሥራ ነው። እናትሽ ያለችው ትክክል ነው። ዝም ብለሽ ሁለተኛውን ወር ጠብቂ።

ስሊፑን ግን ላኪልኝ። እኔው ላስቀምጠው፣ ቤት ውስጥ አይቀመጥ።

ለኔ ምንም አትግዢ። ይልቅ ለራስሽ ወፍራም ሹራብ ግዢ፣ ቢሮው ይበርዳል ብለሽኛል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 9

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ፈጣሪ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ሰላም ትልሻለች፣ ጫማው ትንሽ ጠቧት በተረከዙ በኩል አስፍታዋለች።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከአሥር ቀን በፊት ነው። መልሱን ያዘገየሁት ሦስት ጊዜ ጽፌ ስለቀደድኩት ነው። አሁንም እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፣ ስለዚህ እንደ ሥራ አንድ በአንድ ልንገርሽ።

የአንቺ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ በፊት ጓደኛሽን ጠይቄያቸው ነበር። ስሊፑን አሳየኋቸው፣ ስሌቱን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አላነበቡትም። አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱትና "የመጀመሪያ ወር እንዲህ ነው ልጄ፣ ሁለተኛው ራሱ ይስተካከላል" አሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ሻዩን ስጠጣ ደሞዙን ማን እንደሚሠራ ጠየቅኳቸው። ደሞዝ የምትሠራዋ ልጅ ወልዳ ከወጣች ወዲህ እሳቸው ራሳቸው ሠርተው ራሳቸው እንደሚከፍሉ ነገሩኝ። አክስትዬ፣ እኛ ትምህርት ቤት ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነበር። ደሞዙን የሚያዘጋጀውና ገንዘቡን የሚያስረክበው ሰው ሁለት መሆን አለበት። አንድ ሰው ሁለቱንም ከያዘ የሚያየው የለም። ያን ቀን ግን ለመጠርጠር አፈርኩ። ሻይ ያዘዘልሽን ሰው መጠርጠር ይከብዳል።

የኅዳር ደሞዝ ባንክ ገባልኝ። ጠቅላላ 9,000፣ ግብር 1,400፣ ጡረታ 630፣ የተጣራ 6,970። ልክ ነው። ግን ሁለቱን ስሊፕ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ መሃላቸው አንድ ዓይነት ነው። የተለየው ላይኛውና ታችኛው መስመር ብቻ ነው። አንድ ሰው የሙሉ ወር ስሊፕ አትሞ ዘጠኝ ሺህን ወደ ስድስት ሺህ፣ የተጣራውንም በዚያው ልክ ቢቀይር፣ መሃሉን ግን መቀየር እንዳለበት ባያውቅ የሚወጣው ስሊፕ ይኼው ነው።

ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ የግብር ማሳወቂያ ቅጂዎችን በየፋይላቸው እንዳስገባ ታዘዝኩ። የጥቅምቱ በእጄ ገባ፣ የግብር ቢሮው ማኅተም ያረፈበት። ከሱ ጋር የተያያዘ የሠራተኛ ዝርዝር አለ። ስም፣ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ፣ ግብር። ስሜን ፈለግሁ። የጀመረችበት ቀን ጥቅምት 1፣ ገቢ 9,000፣ ግብር 1,400 ይላል።

የተሳሳተ ስሌት ቢሆን ኖሮ እዚያም ስድስት ሺህ ይል ነበር። ዘጠኝ ሺህ ካለ፣ ድርጅቱ ዘጠኝ ሺህ አውጥቷል። ከዚያ ላይ ግብርና ጡረታ ሲነሳ ለኔ የተከፈለው 6,970 ነው ማለት ነው። እኔ የተቀበልኩት 3,970 ነው። መሃል ላይ ሦስት ሺህ ብር አለ፣ ያልሠራሁባቸው የአሥር ቀን ደሞዝ። ካርቶኑ የሸፈነውን አሁን ገባኝ። የሰው ደሞዝ እንዳላይ ብቻ ሳይሆን የራሴንም እንዳላይ ነበር። እኔም 6,970 ተቀብያለሁ ብዬ በእጄ ፈርሜያለሁ። ነገ ኦዲተር ቢመጣ ሳትሠራ አሥር ቀን የተከፈላት እኔ ነኝ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የገንዘብ ያዧ የጓደኛ ልጅም እኔው ነኝ። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው ጥር አሥራ አንድ ነው።

ይህን ሁሉ አገናዝቤ ማታ ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። "ለሦስት ሺህ ብር ብለሽ" ይላል። አክስትዬ፣ እኔ የጻፍኩልሽ ዘጠኝ መቶ አሥር ብር ጎደለብኝ ብዬ ነው። የላክሁልሽን ደብዳቤ ረቂቅ አውጥቼ አየሁት፣ ጎደለ ያልኩት ሦስት ሺህ የትም ቦታ የለም። ያኔ እኔ ራሴም አላውቀውም ነበር።

ምናልባት ዘጠኝ ሺህ ላይ ስድስት ሺህ ቀንሰሽ ይሆናል። አንቺ ግን ቁጥር ስታዪ ዓይኔን ያመኛል የምትዪ ሰው ነሽ። ሦስት ሺህን ከየት አመጣሽው?

ስሊፑን አልላክሁትም። እኔ ጋ ነው።

የእህትሽ ልጅ


ጥር 5

ለሚጡ፣

ሰላም ለአንቺና ለእናትሽ። ደህና ነኝ። ቶሎ ያልጻፍኩት የሁለት ሰው ፈረቃ ስለሠራሁ ነው፣ ያቺ ፎጣ ወሰደች የተባለችው ተባረረች። እሷ አይደለችም የወሰደችው።

ይህን ደብዳቤ ወደ አገር የምትገባ ልጅ ይዛልሽ ትመጣለች። ሁለት ሺህ ብር ልኬልሻለሁ። ዘጠኝ መቶ አሥሩን ከሱ ላይ ውሰጂ፣ የቀረው ለእናትሽ ነው። ልጅቷ ስትሰጥሽ ቁጠሪ፣ ፊቷ ላይ ቁጠሪ።

ስለ ቁጥሩ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ድካም ላይ ሆኜ ነው የጻፍኩት፣ ከእጄ አምልጦኝ ነው። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰው ቃል ትለቅሚያለሽ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና "ይቺ ልጅ ዳኛ ሳትሆን አትቀርም" ይል ነበር።

የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ስሚኝ። ዓለም ላይ በነፃ የሚከፈት በር የለም። እኔ አይቼ አላውቅም። እዚህ ለመምጣት ከፍያለሁ፣ እዚህ ሥራ ለመግባት ከፍያለሁ፣ ይህችን አልጋ ለማግኘት እንኳ ከፍያለሁ። ያንቺ ኪስ አልተነካም፣ ዘጠኝ መቶዋ ብትነካም ይኼው መልሼልሻለሁ። ለምን ታገላብጪዋለሽ? ያችን ወረቀት ቀደሽ ጣያት። አትላኪልኝ፣ አታስቀምጫት፣ ቅደጃት። ጥር አሥራ አንድ ይለፍና ቋሚ ሁኚ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።

ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እሷ እንደ እኔ ሆድ የላትም።

አክስትሽ


ጥር 25

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ልጅቷ ጥር ሰባት ማታ መጣች። ብሩን ፊቷ ላይ ቆጠርኩት፣ ሁለት ሺህ ሞልቷል። አንድ ሺህ ዘጠናውን ለእማዬ ሰጥቻታለሁ። ለኔ ያልሽውን ዘጠኝ መቶ አሥር ይዛልሽ እንድትመለስ ለልጅቷ መልሼ ሰጠኋት፣ ስታስረክብሽ አንቺም ቁጠሪ። ያንን ገንዘብ መብላት አልቻልኩም። ተናድጄብሽ ነው። እንዲህ ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም፣ አሁን ግን ተናድጃለሁ።

"ጥር አሥራ አንድ ይለፍ" ብለሽኝ ነበር። እኔ ያላሳለፍኩት ለዚያ ነው። ቋሚ ከሆንኩ በኋላ ብናገር እስክትደላደል ጠብቃ ነው ይባላል። ለእማዬ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አላለቀሰችም፣ "ጸጉርሽን ሰብስበሽ ሂጂ" ብቻ አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ስሊፕና ስሌቴን ይዤ የፋይናንስ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ፣ ያ ዝም ይላል የምትዪው ሰውዬ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አስረዳኋቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ፣ ከዚያ የቅጥር ደብዳቤዬንና የሰዓት መቆጣጠሪያውን አስመጡ። ሁለቱም ጥቅምት አሥራ አንድ ይላሉ። የደሞዝ መክፈያው ሰነድ ጥቅምት አንድ ይላል።

ዓይናቸውን ከወረቀቱ አንስተው "ስትፈርሚ ቁጥሩን አላየሽም?" አሉኝ።

"ካርቶኑ አያሳይም" አልኳቸው።

አላመኑኝም። ፊታቸው ላይ አየሁት። ከእሷ ጋር ተስማምተሽ ነበር፣ ክፍያው ላይ ተጣልታችሁ ነው የመጣሽው የሚል ፊት ነበር። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው እጠረጥር ነበር። ተነስተው ወደ ገንዘብ ያዧ ክፍል ሄዱና ካርቶኑን ራሳቸው ይዘው ተመለሱ። ሰነዱ ላይ አስቀምጠው በመስኮቷ አዩ። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ የተቀጠሩትን ሠራተኞች በሙሉ ፋይል አስወጡ። በወሩ መሃል ሥራ ጀምሮ የመጀመሪያ ደሞዙን በእጁ የተቀበለ ሁሉ ሰነዱ ላይ ከወሩ መጀመሪያ የገባ ነው። የቀለም ቤቱ ልጆች፣ ጥበቃው፣ ሁለቷ የጽዳት ሴቶች። ለእነሱ ስሊፕ አልተሰጣቸውም፣ ስላልጠየቁ። ገንዘብ ያዧ ለኔ የሰጡኝ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ብጠይቅ ብለው ፈርተው ነው። መሃሉን መቀየር ግን አላወቁበትም።

ጓደኛሽ ተጠሩ። አልተደናገጡም። ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው "የሌላውን አላውቅም፣ የዚችን ግን አክስቷን ጠይቁ" አሉ። "ሥራ ላስገባኋት ነው። አክስቷ ከመጀመሪያ ደሞዟ ላይ ውሰጂ ብላኝ ተስማምተን ነው።"

አክስትዬ፣ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ኃላፊው ግን እኔን አላዩኝም። እሳቸውን እያዩ "ይህችን ልጅ ማን ነው ያስገባት?" አሉ። ፋይሌን ከፍተው የፈተናውን ውጤት አወጡ። ወረቀታችን ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ያረሙትም ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ኃላፊው ራሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ሰው ተፈትኖ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ውጤቱ የተፈረመው መስከረም ሃያ ነው። ገንዘብ ያዧ ለፈታኞቹ አበል ሲከፍሉ ዝርዝሩን አይተውት ነበር፣ የነበራቸው ድርሻ ያ ብቻ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው ለአንቺ የደወሉት።

አሁን ነገሩ እንደዚህ ነው። ጓደኛሽ ቁልፉን አስረክበው ወጥተዋል፣ ሦስት ሺውንና የሌሎቹን እንዲመልሱ ሰነድ ተፈራርመዋል። ወደ ሕግ ይሂድ አይሂድ አለቆቹ ገና እየተነጋገሩ ነው። ለግብር ቢሮው የጥቅምቱ ማሳወቂያ ተስተካክሎ እንደገና እየተላከ ነው፣ ጡረታውም እንደዚያው። ድርጅቱ በኔ ስም ያዋጣው አሥራ አንድ በመቶም የተሰላው በዘጠኝ ሺህ ስለነበር ሦስት መቶ ሠላሳ ብር ትርፍ ተከፍሎ ተገኝቷል። የኔን ዘጠኝ መቶ አሥር በጥር ደሞዝ ላይ "የጥቅምት ማስተካከያ" ብለው ሊሰጡኝ ነው። የሙከራ ጊዜዬን ግን አንድ ወር አራዘሙት፣ ኃላፊው ማጣራት አለብኝ አሉ። አልፈርድባቸውም። ቢሮ ውስጥ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። የቀለም ቤቱ ልጆች "ኦዲት መጣች" እያሉ ይስቁብኛል፣ ግን ትናንት አንደኛው የሁለት ዓመት የጡረታ ወረቀቱን አምጥቶ አስደመረኝ።

ሁሉም ያልፋል። አንድ ነገር ብቻ አላልፍ አለኝ። ፈተናውን ከመፈተኔ በፊት አንድ ወር ሙሉ ሳነብ ታውቂ ነበር። ጽፌልሽ ነበር፣ መጽሐፍ መግዣም ልከሽልኛል። ማለፌንም የሰማሽው ከኔ ነው። በራሷ ችሎታ ገባች ብለሽ ለምን አላመንሽም? ዘበኛውን ጠርጥሪ፣ ጎረቤቱን ጠርጥሪ፣ ፖስታውን ጠርጥሪ። እኔን ለምን ጠረጠርሽኝ?

ልጅሽ


የካቲት 22

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅና። እናትሽን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ልብስ ማጠቢያው ቤት ውስጥ ነው፣ ማሽኑ እየዞረ። ሳነብ አለቃዬ መጣችና ምን ሆንሽ አለችኝ። እንፋሎቱ ነው አልኳት። ስላለቀስኩ ነው ብል ትጠይቀኛለች፣ ቢነግሯትም አይገባትም።

አልዋሽሽም። ጓደኛዬ መስከረም መጨረሻ ላይ ደወለችልኝ። ያን ቀን ሴቶቹ ፈረቃ ላይ ስለነበሩ አነሳሁት። "ልጅሽ በሩ ላይ ደርሳለች፣ ካልገፋኋት አትገባም፣ ሌላ ሰው ሊያስገቡ ነው" አለችኝ። ስንት ነው አልኳት። "ከልጅቷ ሳንቲም አልነካም፣ ከድርጅቱ ነው የሚወጣው፣ አሥር ቀን ቀድማ እንደገባች አደርጋለሁ፣ ሦስት ሺህ ብር ናት" አለችኝ። ለአንቺ አትንገሪያት አለችኝ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ረከሰልኝ ብዬ አሰብኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ሦስት ቀን ቆይቶ አንቺ "አለፍኩ" ብለሽ ስትጽፊልኝ እኔ እንዳሳለፍኩሽ ነው የተሰማኝ። በኔ የተገኘ መሰለኝ። ለሴቶቹም እንደዚያ አልኳቸው፣ "ልጄን ሥራ አስገባኋት" አልኳቸው።

ያንቺን ፊርማ አላሰብኩትም። ፊርማ ምን ያደርጋል ብዬ። ሰነዱ አንቺን እንደሚያስጠይቅ አላወቅሁም። ብታሰሪ ምን ልሆን ነበር? ይህን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።

አንቺን አልጠረጠርኩም። እኔ የጠረጠርኩት ዓለምን ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የከፈልኩትን ብቻ ነው ያገኘሁት። አንድም ጊዜ ማንም ሰው "ይገባሻል፣ ግቢ" ብሎኝ አያውቅም። ታዲያ ለአንቺ ብቻ በሩ በነፃ ይከፈታል ብዬ እንዴት ልመን? ግን ይህም ሰበብ ነው። የእህቴ ልጅ አንደኛ ወጥታ ሳለ እኔ ከመንገድ ላይ የተሸጠልኝን ወሬ አመንኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ደስ እስኪልሽ ድረስ ተቆጪኝ፣ ግን ጻፊልኝ።

ዘጠኝ መቶ አሥሩን ልጅቷ አስረከበችኝ፣ ቆጥሬ ሳልጨርስ ተውኩት። ገንዘብ እንድትልኪልኝም እንድትመልሺልኝም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። መስከረም ላይ "አለፍኩ" ስትዪኝ "እንኳን ደስ አለሽ" እንኳ በወጉ አላልኩሽም፣ ምክንያቱን አሁን አውቀሽዋል። ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን ዛሬ ልጠይቅሽ።

ፈተናው ስንት ጥያቄ ነበረው? ስንቱንስ መለስሽ? አንድ በአንድ ጻፊልኝ፣ ዓይኔን አያመኝም።

አክስትሽ